የትል መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት የዓይን ሽፋን ቀለም ሲያዩ ማወቅ ያለብዎ

ደም መጣጩ የጨጓራ ትል በጎችንና ፍየሎችን የሚገድለው ደማቸውን እየጨረሰ ነው። የደም ማነሱም በታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ ይነበባል። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው የፋማቻ ካርድ ይህን ቀለም ከ1 (ደማቅ ቀይ) እስከ 5 (ወረቀት የመሰለ ነጭ) ይመድባል።

1. አያያዝዎ ትክክል ነው?
እንስሳውን ከጥላ አውጥተው በቀን ብርሃን ያቁሙት። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ሽፋን በዓይኑ ላይ አውርደው በቀስታ ይጫኑ፤ በሌላው የታችኛውን ወደ ታች ይሳቡ። ብቅ የሚለውን ውስጠኛ ሥጋ ከካርዱ ጋር ያስተያዩ። ጠርዙን አይዩ፤ ሽፋኑንም ገልጠው አይቆዩ፤ ሲቆይ ይቀላል። ሁለቱንም ዓይን አይተው የገረጣውን ይመዝግቡ።

2. ካርዱ ዋናው ነው?
የስልክ ፎቶና የወረቀት ቅጂ ቀለም ያዛባሉ። በፀሐይ የደበዘዘ ካርድም መቀየር አለበት።

3. ለማን ይሰጣል?
4 እና 5 የሆኑት ሁሉ ይታከማሉ። 1 እና 2 ይተዋሉ። የሚያከራክረው 3 ነው፤ ፍየል፣ ግልገል፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም የከሳ ከሆነ ይታከማል፤ የደለበ ትልቅ በግ ከሆነ ይጠብቃል።

30 እንስሳት አሉዎት እንበል። 20ዎቹ 1 እና 2፣ 8ቱ 3፣ ሁለቱ 4 ሆኑ። 3 ከሆኑት ውስጥ አራቱ ፍየሎች፣ አንዷ የምታጠባ በግ፣ ሦስቱ የደለቡ የበግ ሙክቶች ናቸው። መድኃኒት የሚያገኙት 7 ብቻ ናቸው። ካልታከሙት 23 የሚወጣው እንቁላል መድኃኒቱን ያልለመደ ትል በግጦሹ ላይ ያቆያል፤ ሁሉንም ቢያክሙ ግን የሚተርፈው መድኃኒት የማይገድለው ትል ብቻ ነው። 4 እና 5 የሆኑት ከመንጋው ከ10 በመቶ ካለፉ ግን 3 የሆኑትንም ሁሉ ያክሙ፤ ግጦሹንም ይቀይሩ።

4. መገርጣቱ ከዚህ ትል ነው?
የጉበት ትል፣ ገንዲና መዥገርም ደም ያሳንሳሉ። በአቧራ ወይም በሕመም የቀላ ዓይን ደግሞ የደም ማነስን ይሸፍናል። ተቅማጥ የሚያመጡ ሌሎች ትሎች ዓይን ላያገረጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዓይኑ ቀይ ሆኖ የሚያስቀምጠውን ወይም አገጩ ሥር ያበጠውን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

5. መቼ ይደገማል?
በክረምት ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ ይመልከቱ፤ የትሉ እጭ በእርጥብ ሣር ላይ በፍጥነት ያድጋል። የታከመው በሚቀጥለው ምርመራ ምንም ካልቀላ መጠኑን ደግመው ከመጨመርዎ በፊት የሰገራ ምርመራ ያስደርጉ። እንቁላሉ ካልቀነሰ መድኃኒቱ ከድቶዎታል፤ ከቀነሰ መገርጣቱ ሌላ ምክንያት አለው ወይም ደሙ ገና አልተተካም።