የግሪስ ሰንጠረዥ አንድ መስመር

በትራክተር ማኑዋል ውስጥ የማለስለሻ ሰንጠረዥ የሚባል ገጽ አለ። ቃላቱ ጥቂት፣ ምህጻረ ቃላቱና ቁጥሮቹ ብዙ ስለሆኑ ብዙ ኦፕሬተር ሥዕሉን ብቻ አይቶ ያልፈዋል። ገጹን ለመልመድ የሚሻለው መንገድ አንዱን መስመር ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው፤ ሌሎቹ መስመሮች በዚያው አካሄድ ይፈታሉ። እኔ የመረጥኩት የፊት አክስሉን የመሐል ፒን ነው። በብዙ የእርሻ ትራክተሮች ማኑዋል ላይ ይህን በመሰለ መልክ ይገኛል፦

```
FRONT AXLE PIVOT | 2 | G | 50 h* | NLGI 2 EP
* 10 h: MUD, WATER
```

የመጀመሪያው ዓምድ ቦታውን ይናገራል። የፊት አክስሉ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያዘው መሐሉ ላይ ባለ ወፍራም ፒን ነው። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከፍ ብሎ መሄድ የሚችለው አክስሉ በዚህ ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ ነው። ከፊት የሚመጣው ክብደት በሙሉ እዚህ ያርፋል፤ እንቅስቃሴው ግን ዝግ ያለና አጭር ነው። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ ያለው 2 የግሪስ ኒፕሎቹ ብዛት ነው። በመስመሩ መጨረሻ ሌላ 2 አለ፤ ሁለቱ ምንም አይገናኙም። ይህ ዓምድ ትንሽ ቢመስልም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ሰንጠረዡ ሁለት ካለ አንዱን አግኝቶ መመለስ አይቻልም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በደረቀ ጭቃ ተሸፍኖ ነው የሚገኘው፤ ፓምፑን ከመግጠም በፊት በጨርቅ መጠረግም አለበት፣ አለዚያ አሸዋው ከግሪሱ ጋር ወደ ውስጥ ይገፋል።

በሦስተኛው ዓምድ ያለችው ጂ ግሪስ ማለት ናት። እዚህ የሚያሳስተው ሌላ ፊደል ነው፦ ሲ። በአንዱ ማኑዋል መፈተሽ፣ በሌላው ማጽዳት፣ በሦስተኛው መለወጥ ማለት ልትሆን ትችላለች፤ ሦስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት በዚችው ፊደል ይጀምራሉና። የካምቢዮ ዘይት ይፈተሽ የተባለበትን ይለወጥ ብሎ ማንበብ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ ይለወጥ የተባለውን ይፈተሽ ብሎ ማለፍ ደግሞ ጥርሱን ማስበላት ነው። ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት ወይም ግርጌ ያለው የፊደላት መፍቻ መጀመሪያ ይነበብ። ሰንጠረዡን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰውም ሙሉውን ቃል በሳጥኑ ውስጥ ይጻፍ፤ መፈተሽ፣ መለወጥ፣ መሙላት በአንድ ፊደል ቢያጥሩ ሁሉም መ ይሆናሉ።

አራተኛው ዓምድ 50 ሰዓት ይላል። የሚቆጠረው በዳሽቦርዱ ላይ ባለው የሞተር ሰዓት ቆጣሪ እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። ባለፈው ጊዜ ግሪስ የተደረገው ቆጣሪው 1,800 ሲያሳይ ነበር እንበል፤ ቀጣዩ 1,850 ላይ ነው። ትራክተሩ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከስድስት ቀን በኋላ ቆጣሪው 1,848 ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀርቷል ብሎ ወደ ማሳ ከመውጣት እዚያው ጨርሶ መነሳት ይሻላል፤ አለዚያ ማታ ሲመለስ 1,856 ይሆናል። ግሪስ የተደረገበት ቁጥር በደብተር ይጻፋል፣ ቀጣዩ 50 ከዚያ ይቆጠራል።

ኮከቧ ግን ሂሳቡን ትለውጠዋለች። ማስታወሻው ጭቃና ውሃ ባለበት በየ10 ሰዓቱ ይላል፤ ይህም በተግባር በየሥራ ቀኑ ማለት ነው። ትራክተሩ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ዋልካ መሬት ውስጥ ከዋለ በሁለቱም ቀን ማታ ግሪስ ይደረጋል፤ 1,850 ይጠበቅ ማለት ቀርቷል። ማታ መሆኑ ምክንያት አለው፦ አዲሱ ግሪስ ቀን የገባውን ውሃ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ብረቱም ውሃ ይዞ አያድርም። ከመገጣጠሚያው የሚወጣው አሮጌ ግሪስ ቀይ ቡናማ ከሆነ ዝገት ጀምሯል፤ ግሪስ የሚደረግበት ጊዜ መራራቁን ያሳያል።

አሁን ወደ መጨረሻው ዓምድ። ኤን ኤል ጂ አይ የአሜሪካ የግሪስ ተቋም ምህጻረ ስም ነው፤ ከጎኑ የሚጻፈው ቁጥር የግሪሱን ጥንካሬ ብቻ ይለካል። ልኬቱ ቀላል ነው፦ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ታሽቶ በተዘጋጀ ግሪስ ላይ የሾለ ክብደት ይለቀቃል፣ ምን ያህል እንደሰመጠ በሚሊሜትር አሥረኛ ይነበባል። ከ265 እስከ 295 ከሰመጠ 2 ነው፤ ውፍረቱ እንደ ለውዝ ቅቤ ነው። 1 ከዚህ ይለሰልሳል፣ 3 ይጠነክራል። እንግዲህ 3 ከ2 የበለጠ ጥራት ያለው አይደለም፤ 2 የተጻፈበት ሁሉም ግሪስም እኩል አይደለም።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቀጥሎ ያለው ኢ ፒ ነው፤ ከባድ ጫና የሚችል ማለት ነው። ፈጥኖ የሚሽከረከር ኩሽኔታ ዘይቱን እየጎተተ በብረትና በብረት መካከል ስስ ሽፋን ያበጃል። ፒናችን ግን ሙሉ ክብደት ተሸክሞ ዝግ ብሎ ስለሚወዛወዝ ያ ሽፋን ይጨፈለቃል፣ ብረት ብረትን ይነካል። ኢ ፒ በተባለው ግሪስ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ያን ጊዜ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋህደው መፋጨቱን ይቀንሳሉ። ተራ 2 ቁጥር ግሪስ ውፍረቱ ልክ ቢሆንም ይህን ሥራ አይሠራም።

ከአውሮፓ የመጣ በርሜል ላይ ደግሞ እነዚህ ፊደላት ላይገኙ ይችላሉ። በምትካቸው የጀርመን ስታንዳርድ ኮድ ይጻፋል፦

```
KP2K-20
```

የመጀመሪያው ኬ የኩሽኔታና የመሰል ክፍሎች ግሪስ መሆኑን፣ ፒ ከባድ ጫና መቻሉን፣ 2 ያንኑ የጥንካሬ ቁጥር ይናገራል። ሁለተኛው ኬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እስከ 120 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል ማለት ነው። መጨረሻው ታችኛውን ወሰን፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ያሳያል። ስለዚህ ይህ በርሜል ጥንካሬውም ጫና መቻሉም ሰንጠረዡ ከጠየቀው ጋር ይገጥማል። በትርጉም ጊዜ እንዲህ ያለ ኮድ እንዳለ መገልበጥ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ገዢው ከበርሜሉ ጋር የሚያመሳክረው በዓይኑ ነው።

ትክክለኛው ግሪስ ተገኝቶም ፒኑ ደርቆ ሊቀር ይችላል። ክብደቱ ፒኑን በአንድ ወገን ስለሚጫነው ግሪሱ ወደ ላላው ወገን ብቻ ይሄዳል። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና የኋላ ጎማዎቹ ታግደው ፊቱ ከአክስሉ በላይ ባለው ጠንካራ ቦታ በክሪክ ትንሽ ቢነሳና በድጋፍ ቢቆም፣ ጫናው ይቀልና ግሪሱ ዙሪያውን ይደርሳል። ንጹሕ ግሪስ በመገጣጠሚያው ጠርዝ ሲወጣ በቂ ነው። በጠርዙ ሳይሆን በኒፕሉና በፓምፑ አፍ መካከል ከወጣ ግን ወደ ውስጥ የገባ ነገር የለም፤ ኒፕሉ ተፈትቶ ይታይ፣ ቀዳዳውም ይጠረግ።

ሰንጠረዡ የማይናገረው አንድ ነገር ቀድሞ የገባውን ግሪስ ዓይነት ነው። ግሪስ የሚወፍረው በሊቲየም፣ በካልሲየም፣ በሸክላ ወይም በሌላ ነገር ነው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲቀላቀሉ ይቀጥኑና ይፈሳሉ። ቁጥሩም ኢ ፒውም አንድ ሆኖ ይህ ሊደርስ ይችላል። ያገለገለ ትራክተር ተገዝቶ የቀድሞው ግሪስ ካልታወቀ፣ አሮጌው ተገፍቶ ወጥቶ የአዲሱ ቀለም እስኪታይ ድረስ ይሞላል፤ ቀጣዩም 50 ሰዓት ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ አንድ ሁለቴ ይደገማል።