ማርን በኢንተርኔት ለመሸጥ የጋራ ገበያ ይሻላል ወይስ የራስ ድረ ገጽ?

የተጣራ ማርዎን ከተማ ላለ ሰው በኢንተርኔት ለመሸጥ ሲያስቡ ሁለት መንገድ ያገኛሉ። አንደኛው፣ ብዙ ሻጮች ዕቃቸውን በአንድነት በሚያሳዩበት የጋራ ገበያ ላይ የማርዎን ፎቶግራፍና ዋጋ ማስመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ በራስዎ ስም ድረ ገጽ ማሠራት ነው። የመጀመሪያው በቅዳሜ ገበያ መካከል መደብ እንደ መያዝ፣ ሁለተኛው ከመንገድ ራቅ ብሎ የራስን ሱቅ እንደ መሥራት ያለ ነው። በመደቡ ላይ ቀረጥ ይከፈላል፤ ነገር ግን ገዢ አለ። በሱቁ ቀረጥ የለም፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቅዎ ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሒሳቡ ነው። ለምሳሌ አንድ ኪሎ ማር በ800 ብር ይሸጣሉ፣ ገበያውም ከመቶ 10 ኮሚሽን ይወስዳል እንበል። ከኪሎው 80 ብር ሄደ ማለት ነው። በወር 20 ኪሎ፣ በዓመት 240 ኪሎ ቢሸጡ ኮሚሽኑ 19,200 ብር ይሆናል። የራስ ድረ ገጽ ደግሞ ለአድራሻው ስም፣ ለማስቀመጫውና ለጥገናው በዓመት 12,000 ብር ቢጠይቅ፣ 7,200 ብር የተረፈ ይመስላል።

ነገር ግን ከገዢዎቹ ስንቱ ተከትሎዎት ይመጣል? ከ20ው ኪሎ 5ቱን ብቻ የሚገዙት ተመላልሰው የሚመጡ ደንበኞች ከሆኑ፣ ከኮሚሽን የሚያድኑት በዓመት በ60 ኪሎ 4,800 ብር ነው። ለድረ ገጹ ግን 12,000 ብር ከፍለዋል። ወጪው የሚመለሰው ተመላላሾቹ ብቻቸውን በዓመት 150 ኪሎ ሲገዙ ነው። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅትም ከየኪሎው 20 ብር ቢወስድ 200 ኪሎ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ የሚሠራው ሰው ይህን ላይነግርዎ ይችላል።

ስለዚህ በጋራው ገበያ ይጀምሩ፣ ደብተርም ይያዙ። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቀኑን፣ ኪሎውንና ገዢው አዲስ ወይም ተመላላሽ መሆኑን ይጻፉ። በማሰሮው ወይም በጠርሙሱ ላይ ስምዎንና ስልክዎን የያዘ ወረቀት ይለጥፉ። አንዳንድ ገበያዎች ግን ገዢን ወደ ውጭ መጥራትን ስለሚከለክሉ፣ አስቀድመው ደንቡን የልማት ሠራተኛው ያንብብልዎት። ማር ወቅት ስላለው የሁለት ወር ሽያጭ አይበቃም፤ አንድ ሙሉ ዓመት ይቁጠሩ።

ተመላላሾቹ ከተባለው ልክ ሲያልፉ ድረ ገጹን ያሠሩ። የአድራሻው ስም በሠሪው ሳይሆን በእርስዎ ወይም በማኅበራችሁ ስም ይመዝገብ፤ በሠሪው ስም ከሆነ፣ በተጣላችሁ ቀን አድራሻው ከእርሱ ጋር ይሄዳል። በየዓመቱ የሚታደስበትንም ቀን በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ። በጋራው ገበያ ያለውን መደብ ግን አይልቀቁ፤ አዲስ ገዢ የሚገኘው አሁንም ከዚያ ነው።