ሰንበትን በሥራ መርሐ ግብር ላይ በቀለም መለየት

ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በስምጥ ሸለቆ ቆላ የተሞላ አርማታ ውሃ ካልጠጣ በፍጥነት ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሙሌቱ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ሊመደብ ይገባል። ሠራተኞች በማይገኙባቸው በቅዳሜና በእሑድ ይህ ተግባር በቀላሉ ይዘነጋል። መርሐ ግብራችን ሁለቱን ቀናት በቀለም ለይቶ ካሳየን ግን ለእነዚህ ቀናት ሰው መመደብ እንዳለበት ኮሚቴው አስቀድሞ ያያል። በዚህ ዕትም ይህን በኤክሴል እንዴት እንደምንሠራ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሥራውን እንዴት እንደሚያሳስተው እንመለከታለን።

ለምሳሌ ያህል በመቂ አካባቢ ያለ አንድ አጥቢያ የውሃ ሮቶ ማስቀመጫ ይሠራል እንበል። ሲሚንቶው ከአዳማ ይመጣል። መርሐ ግብሩ ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን 21 ቀን ይይዛል፤ የአርማታው ሙሌትም ረቡዕ ጥቅምት 26 ቀን ነው።

ኤክሴል WEEKDAY የሚባል ቀመር አለው። ቀመሩ አንድን ቀን ተቀብሎ የሳምንቱን ተራ ቁጥር ይመልሳል። ከቀኑ ቀጥሎ 2 ቁጥር ስንጽፍለት ሰኞን 1፣ ቅዳሜን 6፣ እሑድን 7 ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ መልሱ ከ5 የበለጠ ቀን ሁሉ ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው። 2 ቁጥሩ ከተረሳ ቆጠራው ከእሑድ ስለሚጀምር ከ5 የሚበልጡት ዓርብና ቅዳሜ ይሆናሉ፤ እሑድም ሳይቀባ ይቀራል።

አሁን ብዙዎች ወደሚሰናከሉበት ነገር እንምጣ። ጸሐፊው በመጀመሪያው ዓምድ የኢትዮጵያን ቀን 20/2/2018 ብሎ ቢጽፍ ኤክሴል ጥቅምት 20 መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2018 አድርጎ ይወስደዋል። ያ ዕለት ማክሰኞ ነበር፤ የእኛ ጥቅምት 20 ግን ሐሙስ ነው። ቀኑን አስቀድሞ ወሩን አስከትሎ እንዲያነብ በተስተካከለ ኮምፒዩተር ላይ ቀለሙ በጥቅምት 24 እና 25 ላይ ያርፋል፤ እነርሱም ሰኞና ማክሰኞ ናቸው። እውነተኞቹ ቅዳሜና እሑድ፣ ማለትም ጥቅምት 22 እና 23፣ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ።

በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይከተላል። ፌብሩዋሪ 2018 ያለው 28 ቀን ብቻ ስለሆነ 29/2/2018 እና 30/2/2018 ለኤክሴል ቀን አይደሉም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣሉ። WEEKDAY በጽሑፍ ላይ ሲሠራ ስሕተት ስለሚመልስ ደንቡ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። እነዚህ ሁለት ቀናት ግን ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ከሙሌቱ በኋላ አርማታው ውሃ በእጅጉ የሚፈልግባቸውም እነርሱ ናቸው። ይህን ስሕተት በዓይን መለየት ይቻላል፤ አሰላለፉን እኛ ካልለወጥነው እውነተኛ ቀን በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ይጠጋል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። ዕለቱ በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነውና ኤክሴል በሚያውቀው ቀን ያስላ፤ ሰው ደግሞ በሚያውቀው ቀን ያንብብ። በA2 ላይ 2025-10-30 ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በA3 ላይ ከዚህ በታች ያለውን ጽፈን እስከ A22 ወደ ታች እንጎትተዋለን፦

```
=A2+1
```

በB2 ላይ «ጥቅምት 20» ብለን በፊደል ጽፈን እንዲሁ እንጎትታለን። ኤክሴል ቁጥሩን እየጨመረ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወሩ በ30 እንደሚያበቃ ስለማያውቅ «ጥቅምት 31» ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ እዚያ ላይ አቁመን «ኅዳር 1» ብለን በእጃችን እንጀምርለታለን። በቀሩት ዓምዶች ሥራውን፣ ኃላፊውንና ማስታወሻውን እንጽፋለን።

ከዚያም ከA2 ጀምረን እስከ E22 እንመርጣለን። Home ከሚለው ውስጥ Conditional Formatting፣ ቀጥሎ New Rule፣ ከዚያም Use a formula to determine which cells to format የሚለውን እንከፍትና ይህን እንጽፋለን፦

```
=AND($A2<>"",WEEKDAY($A2,2)>5)
```

Format በሚለው ውስጥ Fill ከሚለው ቀለል ያለ ግራጫ መርጠን OK እንላለን። ቀለሙ ቀላል ቢሆን በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ሲታተምም ጽሑፉ አይሸፈንም። ከA በፊት ያለው የዶላር ምልክት ረድፉ በሙሉ የሚቀባው በA ዓምድ ቀን መሠረት እንዲሆን ያደርጋል። ከ2 ፊት ግን ምልክቱ አይገባም፤ ከገባ ሁሉም ረድፍ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ይመለከታል። የቀመሩ የመጀመሪያ ክፍል ባዶ ሳጥኖችን ይጠብቃል። ኤክሴል ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ፣ ዜሮንም እንደ ቅዳሜ ስለሚቆጥር ያለዚህ ጥበቃ ገና ያልተጻፈባቸው ረድፎች ሁሉ ይቀባሉ።

ሥራውን ከጨረስን በኋላ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ሁለት እሑዶችን እናመሳክር። በምሳሌያችን ጥቅምት 23 እና ጥቅምት 30 መቀባት አለባቸው። ዓርብና ቅዳሜ ተቀብተው ካገኘን ወይ 2 ቁጥሩ ተረስቷል፣ ወይም ምርጫችን ከአንደኛው ረድፍ ጀምሮ ሳለ ቀመሩ $A2 ይላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ረድፍ የሚቀጥለውን ቀን እያየ ይቀባል። ማመሳከሪያው ካለቀ በኋላ የA ዓምድን Hide በሚለው መሰወር ይቻላል፤ ደንቡ ተሰውሮም ይሠራል፣ በኅትመቱ ላይም የእኛው አቆጣጠር ብቻ ይታያል።

አንድ ነገር ግን WEEKDAY ሊያውቅልን አይችልም። ጥቅምት 27 ቀን ሐሙስ ነውና ለቀመሩ የሥራ ቀን ነው፤ ለአጥቢያው ግን የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው፣ ሙሌቱ በተከናወነ ማግሥትም ይውላል። ስለዚህ አጥቢያው ሥራ የማይሠራባቸውን በዓላት ከH2 ጀምሮ እንደ A ዓምድ በፈረንጆቹ ቀን እንዘርዝር፤ ጥቅምት 27 በዚያ 2025-11-06 ተብሎ ይጻፋል። ያንኑ የA2 እስከ E22 ቦታ እንደ ገና መርጠን ሁለተኛ ደንብ በሌላ ቀለም እንጨምራለን፦

```
=COUNTIF($H$2:$H$10,$A2)>0
```

እንዲህ ሲሆን ከሙሌቱ ማግሥት እስከ ኅዳር 3 ባለው ሰባት ቀን ውስጥ ሦስት የተቀቡ ረድፎች ይታያሉ፤ እነርሱም ጥቅምት 27፣ 29 እና 30 ናቸው። ኮሚቴው መርሐ ግብሩን ከማጽደቁ በፊት በእነዚህ በሦስቱ ረድፎች የኃላፊ ዓምድ ላይ አርማታውን የሚያጠጣው ዘበኛ ወይም ተረኛ ስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ ይመልከት።