የትራክተር ጎማ፦ የአስፋልት አየር ለመረሬ አይሆንም

በጎፋ ማዞሪያ በኩል አልፎ በጅማ መንገድ ወደ በቾ ሜዳ የሚወርድ ትራክተር ብዙውን ጊዜ ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነው የሚሄደው። ጎሚስታው አልተሳሳተም፤ እሱ የሚያስበው ለአስፋልቱ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ባለትራክተሩ ያንኑ አየር ይዞ እርሻ ውስጥ ሲገባ ነው።

የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ከፈቀደ ወዲህ ትራክተር ገዝቶ ለአነስተኛ ገበሬዎች ማከራየት እንደ አንድ የንግድ ሥራ እየታየ መጥቷል። ተከራዩ የሚከፍለው ለታረሰለት ሄክታር ሲሆን፣ ባለንብረቱ የሚከፍለው ለነደደው ናፍጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ ከጎማው አየር ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎማ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ብዙ አይርቅም። አየሩ ሲቀነስ ጎማው ይተኛል፤ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል፤ መሬት የሚቧጥጠው ጥርስም ይበዛል። አየሩ ሲበዛ ግን ጎማው በጠባብ ቦታ ቆሞ አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ እየተንሸራተተም በከንቱ ይሽከረከራል።

መንሸራተቱን ለመለካት ኖራና ሜትር ይበቃል። 75 የፈረስ ጉልበት ያለውን፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ትራክተር እንውሰድ። የኋላ ጎማው ላይ ምልክት ይደረግና ማረሻው ተነሥቶ በእርሻው ላይ 10 ዙር ሲሄድ ርቀቱ ይለካል፤ 44 ሜትር ሆነ እንበል። ማረሻው ተተክሎ ሲያርስ በ10 ዙር 33 ሜትር ብቻ ከሄደ፣ ሩብ ያህሉ ዙር ባከነ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ትራክተር ከ10 እስከ 15 በመቶ መንሸራተት ደንበኛው ልክ ነው። አየሩ ተስተካክሎ ርቀቱ ወደ 38 ሜትር ቢያድግ ብክነቱ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በቀን 4 ሄክታር ያርስ የነበረው ሞተር በዚያው ፍጥነት እየዞረ 4.6 ሄክታር ያርሳል።

ብዙ ሾፌሮች መንሸራተትን የሚያክሙት ክብደት በመጨመር ነው። ብረት ያንጠለጥላሉ፣ ወይም ጎማው ውስጥ ውኃ ይሞላሉ። በአንድ የኋላ ጎማ የሚገባው ውኃ 200 ሊትር፣ ማለትም 200 ኪሎ ያህል ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ዋጋው ግን አፈሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቅድሚያ አየሩ ይቀነስ፤ ያ ካልበቃ ብቻ ክብደት ይጨመር። መንሸራተቱ ከ8 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷልና ብረቱ ይነሣ።

ለኋላ ጎማ በእርሻ ላይ የተለመደው ከ12 እስከ 16 ፒኤስአይ ነው፤ ትክክለኛው ግን ከጎማው ፋብሪካ ሠንጠረዥ፣ በተሸከመው ክብደት ልክ ይነበባል። ከዚያ በታች ከወረደ ጎማው በቸርኬው ላይ ይዞርና የውስጥ ጎማውን ቫልቭ ይበጥሳል። ወደ አስፋልት ሲመለስ አየሩ እንደገና መሞላት አለበት፤ ብዙዎችን የሚያሰለቸው ይኸው ነው። የቤላሩስ ትራክተሮች ለተሳቢ ፍሬን የሚያገለግል አየር መጭመቂያ ስላላቸው ጎማውን እዚያው መንፋት ይቻላል። ለሌሎቹ አነስተኛ መንፊያ መግዛት ይሻላል።

ሰው ሁሉ የሚያየው ትራክተሩን ቢሆንም ዋናው ጥፋተኛ ግን ተሳቢው ነው። ባዶውን 1.6 ቶን የሚመዝን ባለአራት ጎማ ተሳቢ 48 ኩንታል ስንዴ ሲጫንበት በእያንዳንዱ ጎማ 1,600 ኪሎ ያርፋል። ጎማው ከጭነት መኪና የተወሰደ ከሆነና በ100 ፒኤስአይ ከተነፋ፣ ያ ሁሉ ክብደት የሚቆመው ከአንድ ደብተር ገጽ ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ጫናው ከትራክተሩ የኋላ ጎማ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። የመኪና ጎማ ደግሞ ጭነት እንደያዘ አየሩ ብዙ ቢቀነስ ጎኑ ግሎ ይፈነዳል። የሚያዋጣው ተሳቢውን መንገድ ዳር አቁሞ ኩንታሉን በአህያ ማውጣት ነው፤ ካልሆነም ለመግቢያና ለመውጫ አንድ መስመር ብቻ መለየት። በመጀመሪያው ጉዞ የሚደርሰው ጉዳት ከፍተኛው ስለሆነ ሁለተኛውን ጉዞ በዚያው ዱካ መድገም በአዲስ ቦታ ከመሄድ ይሻላል።

አየር መቀነስ የሚያድነው ላይኛውን አፈር ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው ጥቅጥቅታ በጠቅላላው ክብደት የሚመጣ ስለሆነ ጎማ በማስተንፈስ አይድንም። በአገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው መረሬ በበጋ እየተሰነጣጠቀ ራሱን በመጠኑ ያላቅቃል፤ ቀይ አፈር ግን ይህ ዕድል የለውም።

ይሁን እንጂ መረሬም እርጥብ ሳለ ምሕረት የለውም። ከመግባት በፊት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አፈር ቆንጥሮ በመዳፍ ማሸት ይበቃል። እንደ ክር ቀጥኖ ከተጠቀለለ ትራክተሩ ይቁም፤ ከተፈረፈረ ይግባ። ካለፈው ዓመት የቀረ ጉዳት መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ከዝናብ ማግስት ቀጭን ፌሮ መሬት ውስጥ መትከል ነው። በዱካው ላይ አልገባም ብሎ አጠገቡ በቀላሉ ከገባ፣ ውኃም በዱካው ላይ ተኝቶ ከዋለ፣ የተሳቢው መስመር የት እንዳለፈ ታውቋል።