የአደጋ ማስጠንቀቂያን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

በደብረ ብርሃን የበግ ጠጕር ነድፎና ፈትሎ ብርድ ልብስ መሥራት የቈየ ሥራ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው መኪና የሚለጠፍበት ማስጠንቀቂያ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ወደ አማርኛ መመለሱም የጸሓፊው ድርሻ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ ለሠራተኞቹ እንዲያስገነዝብ ስለሚያዝ፣ ትርጕሙ ከደከመ ይህ ግዴታ ተፈጽሟል ለማለት ያስቸግራል።

ለምሳሌ እኔ ራሴ የተሳሳትሁበትን ልጥቀስ። ለአንድ የጠጕር መንደፊያ መኪና የመጣው ጽሑፍ ባለ ጥርሱ ሲሊንደር ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ክዳኑን መክፈትን ይከለክል ነበር። እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁት፦

«ማሳሰቢያ፦ መኪናው ሳይጠፋ ክዳኑ አይከፈትም።»

ጽሑፉ ከመሰቀሉ በፊት ለአንድ ሠራተኛ አስነብቤ፣ «ይህን አንብበህ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ክዳኑን እስበዋለሁ፤ ከተከፈተልኝ መኪናው ጠፍቷል ማለት ነው» አለኝ። ክዳኑ ግን እንዲህ ያለ መቈለፊያ አልነበረውም።

ስሕተቱ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ «አይከፈትም» ክልከላም ወሬም ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው እንደ ወሬ ወሰደው። «አትክፈቱ» ግን ለሁሉም የሚነገር ትእዛዝ ስለ ሆነ ሌላ ፍች የለውም። በትሕትና ብለን «እባካችሁ» ብንጨምርበትም ትእዛዙ ልመና ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መጥፋትና መቆም አንድ አይደሉም። ከባዱ ሲሊንደር ኀይሉ ከተቋረጠ በኋላም በራሱ ግፊት ለጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ እጅ የሚቈረጠውም በዚያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ «ማሳሰቢያ» መታወቂያ ይዛችሁ ኑ ለማለት የምንጽፈው ቃል ነው። በውጭው ልማድ የማስጠንቀቂያ ቃላት ሦስት ደረጃ አላቸው፦ ካልተጠነቀቁ በርግጥ ለሚገድል ወይም ክፉኛ ለሚያቈስል «አደጋ»፣ እንዲህ ሊያደርግ ለሚችል «ማስጠንቀቂያ»፣ ለቀላል ጕዳት «ጥንቃቄ» ልንል እንችላለን። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ሰውን ያዘናጋል፤ ሁሉን «አደጋ» ማለትም ቃሉን ያረክሰዋል። የእኛው ጽሑፍ የመካከለኛው ደረጃ ነበር።

የታረመውም እንዲህ ሆነ፦

«ማስጠንቀቂያ!
ክዳኑን አትክፈቱ!
ሲሊንደሩ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ!
መኪናው ከጠፋ በኋላም ይዞራል፤ እጅ ይቈርጣል።»

በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ ከመጨረሻ ስለሚመጣ፣ ረዥም ዐረፍተ ነገር ክልከላውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ትእዛዙ በአጭሩ ቀድሞ ምክንያቱ ተከተለ።

ሠራተኛው ይህንኑ ካነበበ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደገምሁለት። «አጠፋለሁ፣ ዙሩ እስኪያበቃ እቆያለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ» ሲል መለሰ። ጽሑፉም የዚያኑ ዕለት ተሰቀለ።