ኢሜይል ሲያጥር እንዳይደርቅ

ለመምህር የምንጽፈው ኢሜይል የሚንዛዛው አክብሮት ለማሳየት ስንል ነው። በአማርኛ ግን አክብሮቱን የሚሸከመው ግሱ ነው፤ «ጻፍልኝ» እና «ቢጽፉልኝ» ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ የይቅርታውን ድርድርና ረጅሙን ታሪክ ቁረጡ፤ ሰላምታ፣ አንድ ምክንያትና ምስጋና ይቆዩ። ጥያቄው ከሰላምታ ቀጥሎ ይምጣ፦

«ጉዳዩ፦ የኢንተርንሺፕ ድጋፍ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ሐሙስ ቢጽፉልኝ ብዬ ነበር። ድርጅቱ ምዝገባውን ዓርብ ጠዋት ይዘጋል። የማይመችዎት ከሆነ ማንን እንደምጠይቅ ቢጠቁሙኝ። አመሰግናለሁ።»

ከዚህ በታች ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጻፋል።

አሁን ስለ ዓርብ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ አንብቡት። «እስከ ሐሙስ» የሚለው ወዲያው ትእዛዝ ይመስላል። ቀን ስትቆርጡ ምክንያቱን አትቁረጡ።