ሦስት አማራጮችን በአንድ ስላይድ ማነጻጸር፦ የፍሎራይድ ማስወገጃ ምርጫ እንደ ማሳያ

በስምጥ ሸለቆ በርካታ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን ይበልጣል። በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ንድፈ ሐሳብ የሚያቀርብ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አማራጮችን ያነጻጽራል፤ እነርሱም አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ፣ የአጥንት ከሰል ማጣሪያና ፍሎራይዱ አነስተኛ ከሆነ ምንጭ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ናቸው።

የተለመደው ስላይድ አማራጮቹን በዓምድ፣ መስፈርቶቹን በረድፍ አስቀምጦ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ለማሳያ ያህል የመነሻ ወጪን 40፣ የዕለት ድካምን 35፣ የአቅርቦት ቀጣይነትን 25 ከመቶ ክብደት እንስጣቸው፤ 5 ነጥብ ምንጊዜም የተሻለውን ያመለክት። ናልጎንዳ 5፣ 2፣ 4፤ የአጥንት ከሰል 4፣ 3፣ 2፤ ቧንቧው ደግሞ 1፣ 5፣ 3 ቢያገኙ ክብደት የተሰጠው አማካይ በቅደም ተከተል 3.70፣ 3.15 እና 2.90 ይሆናል። ናልጎንዳ አሸነፈ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የጥሬው ውኃ ፍሎራይድ 8 ሚሊግራም በሊትር ቢሆንና ዘዴው 70 ከመቶውን ቢያስወግድ 2.4 ይቀራል። አሸናፊው አማራጭ የሚጠጣ ውኃ አልሰጠም። ስሕተቱ ከስሌቱ አይደለም። የመነሻ ወጪ ማነስ የጤና ጉድለትን ሊያካክስ ስለማይችል የ1.5 ወሰን ክብደት ተሰጥቶት ከሌሎች ጋር የሚደመር ረድፍ ሊሆን አይገባውም። ከሠንጠረዡ አናት «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» የሚባልበት ቅድመ ሁኔታ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ናልጎንዳ በዚያ ረድፍ ይወድቃል፤ ዓምዱ ግን ደብዝዞ እዚያው ይቆይ፤ ፈታኞች ለምን እንደወደቀ ማየት ይፈልጋሉና።

የቀሩት ሁለቱ ልዩነታቸው 0.25 ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቶቹ ምን ያህል ቢለወጡ ውጤቱ እንደሚገለበጥ መፈተሽ ያስፈልጋል። የአቅርቦት ቀጣይነት በ25 ጸንቶ የመነሻ ወጪ ክብደት w ከተባለ፣ የዕለት ድካም 75 − w ይሆናል፦

```
4w + 3(75 − w) + 2(25) = 275 + w
w + 5(75 − w) + 3(25) = 450 − 4w
275 + w = 450 − 4w  →  w = 35
```

የመነሻ ወጪ ክብደት ከ35 ከመቶ በታች ከወረደ ቧንቧው ይበልጣል። ከ40 ወደ 35 ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ክብደቶቹን የሰጠው አካል ሌላ ቢሆን ምርጫው ሊለወጥ ይችል ነበር። «ከ35 በታች ቧንቧ፣ ከዚያ በላይ የአጥንት ከሰል» የሚል አንድ መስመር በስላይዱ ግርጌ ቢሰፍር፣ ክብደቶቹን ማን እንደሰጠም አብሮ ቢጻፍ፣ ከነጥቦቹ ድምር የበለጠ ይናገራል።

መስፈርት መደራረብም ሌላው እንከን ነው። «የመነሻ ወጪ» እና «የአንድ ቤተሰብ የግንባታ ድርሻ» በተለያየ ረድፍ ከገቡ አንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይመዘናል። በተቃራኒው አጥንቱ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ተጠቃሚዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት የሚጠይቁ ከሆነ፣ ተቀባይነት እንደ ፍሎራይዱ ወሰን ሁሉ ከነጥብ አሰጣጡ በፊት የሚመለስ ጥያቄ ነው።